ጥጃዋን ይዘን ላሟን እንፈልግ

በሁርሊንግሃም የምትኖሩ ወገኖች! በአርግዊንግስ ኮድሄክ መንገድ ግራና ቀኝ ምግብ ቤት የከፈታችሁ፣ በያያ ሴንተር ዙሪያ ተከራይታችሁ የምትኖሩ፣ ሱቅ ያላችሁ፣ ከአሜሪካ የሚላክላችሁን የምትጠብቁ፣ ደመወዛችሁ በየወሩ መጨረሻ ባንክ የሚገባላችሁ፦ ለሚቀጥለው የዕቁብ ቀን የምንጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ያለፈውን የሦስት ወር የባንክ ስቴትመንታችሁን አሳትማችሁ፣ እስክሪብቶና የስልካችሁን ካልኩሌተር ይዛችሁ ከዕጣው አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ኑ።

በዕቁባችን መቶ ሽልንግ ብትጎድል ዳኛው ዕጣ አያስወጣም። ጸሐፊው ደብተሩን ከላይ እስከ ታች ያገላብጣል፣ ማን እንዳልከፈለ እስኪታወቅ ማንም ከወንበሩ አይነሳም። ባንክ ላይ ስንደርስ ግን ያው ዓይናችን የመጨረሻዋን ቁጥር ብቻ አይቶ ይመለሳል። «ባንክ አይሳሳትም» እንላለን። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ለጥቂት ሰዓታት ሲበላሽ ሰው ካለው በላይ ማውጣት ቻለ፤ ባንኩም 801 ሚሊዮን ብር ገደማ እንደወጣበት ገለጸ። ከዚያ በኋላ ያደረገውን አስታውሱ። እያንዳንዱን ግብይት እየለቀመ፣ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ እስከ መለጠፍ ድረስ ሄዶ ገንዘቡን አስመለሰ። ደግ አደረገ፤ የራሱን ሒሳብ መስመር በመስመር አነበበ። እኛም የራሳችንን በዚያው ልክ እናንብብ ነው ጥሪው።

ንባቡን ከየት እንጀምር? ከምትንቋት መስመር። ኬንያ ውስጥ ባንክ ክፍያ በቆረጠ ቁጥር መንግሥት ከክፍያው ላይ ኤክሳይዝ የሚባል ቀረጥ ይወስዳል። መጠኑ ከሐምሌ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ለገንዘብ ማስተላለፊያ ክፍያ 15 በመቶ፣ ለሌላው የባንክ ክፍያ 20 በመቶ ነው። ስቴትመንቱ ላይ `EXCISE DUTY` ተብላ፣ አንዳንዴ በሳንቲም ደረጃ፣ ትገባለች። ይህች ቀረጥ ጥጃ ናት፤ ጥጃ ካለች ደግሞ የወለደቻት ላም አንድ ቦታ አለች። ክፍያው በሌላ ስም ቢጻፍ፣ በሌላ ቀን ቢቆረጥ፣ ከሌላ ክፍያ ጋር ቢደመር እንኳ ቀረጡ ትክክለኛ ልኩን ይናገራል። የቀረጡን መጠን በ100 አባዙ፣ የማስተላለፊያ ከሆነ በ15፣ የሌላ ክፍያ ከሆነ በ20 አካፍሉ፤ የሚወጣው የክፍያው መጠን ነው።

ለምሳሌ እንዲሆነን አንድ የመስከረም ወር ስቴትመንት አዘጋጅተናል። የማንም አይደለም፣ ግን የማናችንም ሊሆን ይችላል፦

```
01/09  OPENING BALANCE               84,310.00
05/09  TRF TO MPESA      10,000.00   74,310.00
05/09  TRF CHARGE            50.00   74,260.00
05/09  EXCISE DUTY            7.50   74,252.50
12/09  POS INTL USD 10    1,341.60   72,910.90
17/09  SUNDRY DR             80.00   72,830.90
30/09  MAINT FEE            250.00   72,580.90
30/09  EXCISE DUTY           66.00   72,514.90
```

የመስከረም 5ቷ ጥጃ 7.50 ናት። በ100 ስናባዛት 750፣ በ15 ስናካፍላት 50 ትሆናለች። ከላይዋ ያለው የማስተላለፊያ ክፍያ 50 ነው፤ ተገናኙ፣ ምልክት አድርጉና እለፉ። አሁን ወደ ወሩ መጨረሻ ኑ። 66 በ100 ተባዝታ፣ የማስተላለፊያ ስላይደለች፣ በ20 ስትካፈል 330 ትሰጣለች። ከአጠገቧ የሚታየው የሒሳብ መያዣ ክፍያ ግን 250 ብቻ ነው። 80 ሽልንግ የት ሄደች? ወደ ላይ ስንመለስ መስከረም 17 ላይ `SUNDRY DR` የሚል ምንም የማይነግር መስመር እናገኛለን፤ ልክ 80። ባንኩ ክፍያ ባይሆን ኖሮ ቀረጥ አያስከፍልበትም ነበርና ይህ መስመር ክፍያ መሆኑን ራሱ ባንኩ መስክሯል። የምን ክፍያ እንደሆነ ግን አልጻፈም። በስልክ ለሚላክ የጽሑፍ መልእክት ሊሆን ይችላል፤ ማናችንም ያልጠየቅነው ሌላ አገልግሎትም ሊሆን ይችላል። ባንኩን የምንጠይቀው ጥያቄ እንግዲህ ይኸው ነው፦ መስከረም 17 የተቆረጠው 80 ሽልንግ የምን ነው? መቼስ ነው የተነገረኝ?

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ከሐምሌ 2023 በፊት የነበረ ስቴትመንት ካላችሁ የማስተላለፊያ ክፍያ ቀረጡም 20 በመቶ ስለነበር በ15 ሳይሆን በ20 አካፍሉ። ሁለተኛ፣ ከቁጠባ ወለድ ላይ የሚቆረጠውም ግብር 15 በመቶ ስለሆነ ከኤክሳይዝ ጋር አትደበላልቁት፤ ያኛው `WITHHOLDING TAX` ወይም `WHT` ተብሎ ይጻፋል፣ ከጎኑም የተከፈላችሁ ወለድ ይኖራል።

ጥጃ ሳያስከትል የሚሄድ ክፍያም አለ፤ በምንዛሪ ውስጥ የሚደበቀው። የመስከረም 12ን መስመር እንየው። ካርዳችሁ በየወሩ 10 ዶላር ለአንድ የውጭ አገር ድርጅት ይከፍላል እንበል። የዕለቱ የኬንያ ማዕከላዊ ባንክ ምንዛሪ 129 ሽልንግ ከነበረ ዋጋው 1,290 ነው። የተቆረጠው ግን 1,341.60 ነው። የ51.60 ልዩነት አለ፤ ይህም 4 በመቶ ነው። በራሱ መስመር ስላልተጻፈ ስቴትመንቱን መቶ ጊዜ ብታነቡት አይታይም፤ የሚታየው የተቆረጠውን ሽልንግ በዶላሩ አካፍላችሁ፣ ማዕከላዊ ባንኩ በየቀኑ ከሚያወጣው ምንዛሪ ጋር ስታስተያዩት ብቻ ነው። ጥቂት ልዩነት መኖሩ አይቀርም፣ ባንክም በማዕከላዊ ባንክ ዋጋ አይሸጥም። ስንት እንደሆነ ማወቅ ግን መብታችን ነው።

ይህ መስመር ሌላም ነገር ይነግረናል። ስቴትመንት በቀን ተራ ስለሚጻፍ በየወሩ የሚመላለሰውን ክፍያ ዓይን ያልፈዋል። ሦስቱን ወር ጎን ለጎን ዘርግታችሁ ተመሳሳይ ስም ያላቸውን በአንድ ቀለም አስምሩ። ምንዛሪ ስለሚለዋወጥ መጠኑ በጥቂት ሽልንግ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ቅዳሜና እሑድም ቀኑን ወደ ሰኞ ይገፋዋል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ልክ አንድ ካልሆነ አትለፉት። ልጆቻችሁ «ለአንድ ወር ነጻ ነው» ተብለው ካርዳችሁን ያስገቡባቸው ነገሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት እዚሁ ነው። በዓመት አንዴ የሚታደስ ግን በሦስት ወር አይያዝም፤ የቻለ የአሥራ ሁለት ወሩን ያምጣ።

የማታውቁት ስም ሲያጋጥማችሁ ወዲያው ሌባ አትበሉ። ካርድ የሚቀበል ሱቅ ብዙ ጊዜ የሚመዘገበው በበራፉ ላይ በተጻፈው ስም ሳይሆን በድርጅቱ ሕጋዊ ስም ወይም ክፍያውን በሚያስተላልፍለት ኩባንያ ስም ነው። ወደ ኤምፔሳ የሄደ ከሆነ ደግሞ መስመሩ ላይ አሥር ፊደልና ቁጥር ያለው ኮድ ፈልጉ፤ `*334#` ደውላችሁ የምታወጡት የኤምፔሳ ስቴትመንት `Receipt No.` በሚለው ዓምድ ሥር ያው ኮድ ካለ ገንዘቡ እናንተው ጋ ደርሷል ማለት ነው። ከሌለ የሄደው ወደ ሌላ ሰው ስልክ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የዕቁብ ቀን አትጠብቁ፤ እዚያው ካርዱንም የሞባይል ባንኩንም አዘጉ፣ በኢሜይል አቤት በሉ፣ የአቤቱታ ቁጥር ተቀበሉ። ትንሽነቱ አያዘናጋችሁ፤ ካርድ የሰረቀ ሰው መጀመሪያ በትንሽ ገንዘብ ይሞክራል፣ ዝም ካላችሁ በትልቁ ይመጣል። በካርድ የተወሰደን ገንዘብ በቪዛና በማስተርካርድ ደንብ ለማስመለስ ያለው ጊዜ በአብዛኛው 120 ቀን ነው፤ ባንካችሁ ከዚያ ያነሰ ቀን ሊወስን ስለሚችል አታሳድሩት።

ታዲያ ይህን ሁሉ ለምን ተሰብስበን? እቤት ብቻዬን አላነበውም ወይ የሚል ይኖራል። የ80 ሽልንጓን መስመር ይዞ ብቻውን ባንክ የሚሄድ ሰው «ሲስተሙ ነው» ተብሎ ይመለሳል። በአንድ ባንክ፣ በአንድ ዓይነት ሒሳብ ውስጥ ያለን ሰዎች መስመሮቻችንን ስናስተያይ ግን እኔ 250 የምከፍለውን አንዱ 400 እንደሚከፍል፣ አንዷ ደግሞ ምንም እንደማትከፍል እናያለን። ይህን ንጽጽር ማንም ብቻውን ሊያገኘው አይችልም።

የገንዘቡን ልክ ለሰው ማሳየት የሚከብደን ሕዝብ መሆናችንን እናውቃለን፤ ማንም አያሳይም። ስቴትመንቱ ከእጃችሁ አይወጣም። በጋራው ወረቀት ላይ የሚሰፍረው የባንኩ ስም፣ የሒሳቡ ዓይነት፣ መስመሩ ላይ የተጻፈው ቃልና መጠኑ ብቻ ነው፤ ስም የለም፣ የሒሳብ ቁጥር የለም፣ ቀሪ ሒሳብ የለም። እንግሊዝኛ ለማያነቡ እናቶችና አባቶች አጠገብ ልጆች ይቀመጣሉ። ልጅም ቢሆን ግን ፒን አይጠይቅም፤ «የተቆረጠባችሁን ልመልስ» ብሎ የሚደውል ካለም ስልኩን ዝጉበት።

ከዚያ በጋራ እንጽፋለን። የ2010 የኬንያ የውድድር ሕግ አንቀጽ 56 ባንክን በስም ጠርቶ፣ አስቀድሞ ለደንበኛው ያልተነገረ ክፍያ፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ ማስከፈልን ይከለክላል። የባንክ ሕጉ አንቀጽ 44 ደግሞ ባንክ ያለ ገንዘብ ሚኒስትሩ ፈቃድ ክፍያ እንዳይጨምር ያዛል። (መንገዳችን የተሰየመለት አርግዊንግስ ኮድሄክ የኬንያ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ጠበቃ ነበር፤ አንቀጽ ጠቅሶ መከራከር ለሰፈሩ እንግዳ አይደለም።) ባንኩ «ሲከፈት ፈርመሃል» ሊል ይችላል። እንኪያስ የፈረምኩበትን ገጽ አሳየኝ፣ ያንጊዜ የነበረውንም የክፍያ ዝርዝር ስጠኝ እንላለን።

ባንክ ስለ አንድ ደንበኛ ሒሳብ ለሌላ ሰው መልስ ስለማይሰጥ አንድ ደብዳቤ ላይ ሃምሳ ሰው ቢፈርም አይጠቅምም። ቃሉ አንድ ዓይነት የሆነ ደብዳቤ እያንዳንዱ በራሱ ስም፣ ቀንና መጠን ይሞላል፤ ሁላችንም በአንድ ጠዋት አንድ ቅርንጫፍ እንሄዳለን፣ ቅጂው ላይ ማኅተም አስመትተን እንመለሳለን። መልስ ከዘገየ ወይም ካላረካ ማኅተም ያለበትን ቅጂ አያይዘን ለኬንያ ማዕከላዊ ባንክና ለውድድር ባለሥልጣኑ እናቀርባለን።

የየዕቁቡ ጸሐፊዎች እስከዚያ ድረስ አባላት የትኛው ባንክ እንዳሉ ብቻ ጠይቃችሁ መዝግቡ፤ የአንድ ባንክ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ እንዲቀመጡ። የባንኩን የክፍያ ዝርዝር ከቅርንጫፍ ወይም ከድረ ገጹ አውጥቶ ለጠረጴዛው የሚያመጣ አንድ አንድ ሰው ከወዲሁ ይመደብ። ስቴትመንት ለማሳተም ቅርንጫፍ የሚያስከፍል ከሆነ ከስልክ መተግበሪያው በፒዲኤፍ አውርዱ። ያስከፈላችሁ ካለ ደግሞ ደረሰኙን ያዙ፤ እሱም ጥጃ ይኖረዋል።