ግሱ አልተባረረም፣ ቤቱ ነው ያለው

አሁን ጀርመንኛ የሚማር ዘመድ የሌለው ሰው ጥቂት ነው። አንዱ ባለቤቱ ዘንድ ለመሄድ የኤ1 ፈተና ይጠብቀዋል፤ ሌላዋ ለሙያ ሥልጠና ቢ1 አምጪ ተብላለች። ሁለቱም ደብተራቸው ላይ አንድ ዓይነት ቀይ መስመር አለ፤ ቃሉን ያውቁታል፣ ግሱን ግን ያለቦታው አስቀምጠውታል። እኔ የምለው፣ ጥፋቱ የተማሪው አይደለም። ጀርመንኛን በእንግሊዝኛ በኩል አዙረን ስለምናስተምር የመጣ ጣጣ ነው።

የተለመደው ትምህርት እንዲህ ይሄዳል። መጀመሪያ ቀን «ኢኽ ትሪንከ ካፌ» ይባላል፤ እኔ፣ እጠጣለሁ፣ ቡና። መምህሩም «ያው እንደ እንግሊዝኛ ነው» ብሎ ያልፋል። ከወራት በኋላ «ቫይል» ይመጣል፣ «ስለ» ወይም «ምክንያቱም» ማለት ነው። ያኔ «እዚህ ጋ ግሱ ወደ መጨረሻ ይባረራል፣ ልዩ ሕግ ነው፣ ሸምድዱት» ይባላል። አማርኛ ተናጋሪን ግስ መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ ልዩ ሕግ ነው ብሎ ማስሸምደድ! ልጁ ከተወለደ ጀምሮ ሲያደርገው የኖረው ነገር እኮ ነው።

እውነቱ ተቃራኒው ነው። በጀርመንኛ የግሱ ቤት መጨረሻው ነው። ከቤቱ የሚወጣው በዋናው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። ይህን እኔ አልፈጠርኩትም፤ ኤመን ባክ የተባለው የሥነ ልሳን ሰው በ1962 ባሳተመው ጽሑፍ የጀርመንኛን ቅደም ተከተል ግሱን መጨረሻ ላይ አድርጎ መነሻ መውሰድ እንደሚሻል አሳይቷል፤ ከዚያ ወዲህ ሐሳቡ በዘርፉ በሰፊው የሚሠራበት ነው። ማስረጃውንም ማንም ተማሪ በዓይኑ ያየዋል። «አንሩፈን» መደወል ነው። «ነገ እደውልልሃለሁ» ሲባል «ኢኽ ሩፈ ዲኽ ሞርገን አን» ይሆናል። «ሩፈ» ወደ ፊት ሄዷል፤ «አን» የምትለዋ ቁራጭ ግን መጨረሻ ላይ ቀርታለች። በ«ቫይል» ስንጀምረው ደግሞ «ቫይል ኢኽ ዲኽ ሞርገን አንሩፈ» ይሆናል፤ ሁለቱ ተገናኝተው አንድ ቃል ሆኑ። የቀረችው ቁራጭ ግሱ ከየት እንደተነሳ የምትመሰክር ናት።

እስቲ አንድ መልመጃ አብረን እንሥራ። ቃላቱ ተበታትነው ተሰጥተውናል፦ ኢኽ (እኔ)፣ ሃበ (ረዳት ግስ)፣ ጌስተርን (ትናንት)፣ ማይነ ሙተር (እናቴ)፣ አንገሩፈን (ደውዬ)። በእንግሊዝኛ አታስቡት። መጀመሪያ በአማርኛ ቅደም ተከተል ደርድሩት፦ «እኔ ትናንት ለእናቴ ደውዬ ነበር»። በጀርመንኛው ቃል ሲተካ «ኢኽ ጌስተርን ማይነ ሙተር አንገሩፈን ሃበ» ይሆናል። ተመልከቱ፣ ከፊት እስከ ኋላ አንድ ቃል እንኳ ቦታ አልለወጠም፤ «ደውዬ ነበር» እና «አንገሩፈን ሃበ» በተመሳሳይ ተራ ቆመዋል። (ጀርመኖች «ለእናቴ» አይሉም፣ «እናቴን» ነው የሚሉት፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።)

ዋና ዓረፍተ ነገር ለማድረግ የቀረን አንድ እርምጃ ብቻ ነው። በባለቤቱ የሚረባውን ግስ፣ ማለትም «ሃበ»ን ብቻ አንስታችሁ ሁለተኛው ቦታ ላይ አስቀምጡት፦ «ኢኽ ሃበ ጌስተርን ማይነ ሙተር አንገሩፈን»። «አንገሩፈን» ከቤቱ አይነሳም። ብዙ ተማሪ «ኢኽ ሃበ አንገሩፈን ማይነ ሙተር» የሚለው ሁለቱን ግሶች እንደ እንግሊዝኛ አጣብቆ ስለሚያወጣቸው ነው። አማርኛውን አምኖ ቢሆን ኖሮ አይስትም ነበር።

ሁለተኛ ቦታ ማለት ግን ሁለተኛ ቃል ማለት አይደለም። አንደኛው ቦታ የሚይዘው አንድ ጥያቄ የሚመልስ ነገር ነው፤ ቃሉ አንድም ይሁን አምስት። «አም ሞንታግ» ሁለት ቃል ነው፣ ግን «መቼ?» ለሚለው አንድ መልስ ነው። ስለዚህ «አም ሞንታግ አርባይተ ኢኽ»፣ ሰኞ እሠራለሁ። ግሱ የተጣበቀው ከቦታው ጋር እንጂ ከባለቤቱ ጋር አይደለምና፣ «ሰኞ» አንደኛውን ወንበር ከያዘ «እኔ» ከግሱ ኋላ ይሄዳል። በእንግሊዝኛ የተቃኘ ጆሮ «አም ሞንታግ ኢኽ አርባይተ» ይላል፤ እንግሊዝኛ ባለቤቱን ከግሱ በፊት ካላስቀመጠ አይረጋጋምና። ራሳችሁን ለማረም ከግሱ በፊት ያለውን ብቻ አንብቡ፤ ሁለት ጥያቄ የሚመልስ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ መቼ እና ማን፣ ተሳስታችኋል።

አሁን ምክንያቱን እንጨምር፦ እናቴ ታማ ነበር። «ቫይል ማይነ ሙተር ክራንክ ቫር»። አማርኛችን «እናቴ ታማ ስለነበረች» ይላል። «ስለ» ከ«ነበረች» ጋር ተጣብቃ መጨረሻ ላይ ትቀመጣለች። ጀርመንኛ የሚያደርገው «ስለ»ን ነቅሎ ፊት ላይ መትከል ነው፤ «ነበረች» ግን እዚያው እንዳለች ናት። ሸምድዱ የተባለው «ልዩ ሕግ» ይኸው ነው።

ተማሪው በብዛት የሚወድቀው ይህን ከፊት ሲያመጣው ነው። «ቫይል ማይነ ሙተር ክራንክ ቫር፣ ኢኽ ሃበ ዚ አንገሩፈን» ብሎ ይጽፋል። ትክክሉ «ቫይል ማይነ ሙተር ክራንክ ቫር፣ ሃበ ኢኽ ዚ አንገሩፈን» ነው። ለምን? ጠቅላላው የ«ቫይል» ሐረግ «ለምን?» የሚለውን አንድ ጥያቄ ይመልሳል፤ እንግዲያው አንደኛው ወንበር ተይዟል፣ ሁለተኛው የግሱ ነው። በኮማው ግራና ቀኝ ሁለት ግሶች ፊት ለፊት ከተያዩ፣ ቫር እና ሃበ፣ በትክክለኛው መንገድ ላይ ናችሁ።

«በአማርኛ ተራ ከጀመርን ልጆቹ ግሱን መጨረሻ ላይ ጥለውት ይቀራሉ» የሚል መምህር አውቃለሁ። ስጋቱ መሠረት የለውም አልልም። ግን ቫይኒካ እና ያንግ-ሾልተን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1994 ባሳተሙት ጥናት፣ እንደ እኛ ግስን መጨረሻ የሚያደርጉ የቱርክኛና የኮሪያኛ ተናጋሪዎች ጀርመንኛን ሲጀምሩ ግሱን መጨረሻ ላይ እያደረጉ እንደሚጀምሩና ግሱን ወደ ፊት ማምጣትን በኋላ እንደሚጨምሩ አሳይተዋል። በ1983 የታተመው የጣሊያንኛ፣ የስፓኒሽና የፖርቱጋልኛ ተናጋሪ ሠራተኞች ጥናት ደግሞ የግስ መጨረሻነት በመጨረሻ የሚለመድ ነገር መሆኑን አገኘ። እንግዲህ ለጣሊያናዊው የመጨረሻ ደረጃ የሆነውን ለእኛ ልጆችም እንደ ተራራ ጫፍ አድርጎ ማስተማር ምን ይባላል?

ሌላው የሚነሳው «ፍራንክፈርት ያለው የአክስቴ ልጅ ከቫይል በኋላም ግሱን ሁለተኛ ነው የሚያደርገው» የሚል ነው። ልክ ነው፤ በወሬ ላይ ጀርመኖችም ያደርጉታል። የፈተና ወረቀት ላይ ግን ይቆጠርባችኋል። ቅደም ተከተሉን መለወጥ ያልፈለገ «ዴን» የምትለዋን ይጠቀም፤ ትርጉሟ ያው «ምክንያቱም» ነው፣ ግን እንደ «ኡንት» (እና) እና «አበር» (ግን) ወንበር አትይዝም፦ «ዴን ማይነ ሙተር ቫር ክራንክ»።

አማርኛ የማያደርሰንም ቦታ አለ። እኛ «ትናንት የመጣው ሰው» ስንል ገላጩን ከስሙ በፊት እናስቀምጣለን፤ ጀርመንኛ ከስሙ በኋላ ያመጣዋል፦ «ዴር ማን፣ ዴር ጌስተርን ካም»። የገላጩ ቦታ አዲስ ነውና መለማመድ ያስፈልጋል። ውስጡን ግን እዩት፤ «ጌስተርን ካም»፣ ትናንት መጣ።