ትዝታ ፊት አያበራም

«ይህን ፎቶ እወደዋለሁ» እና «ይህ ፎቶ ጥሩ ነው» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያውን ስንል ስለ ራሳችን እያወራን ነው፤ ማንም ሊከራከረን አይችልም። ሁለተኛውን ስንል ግን ስለ ፎቶው እያወራን ነው፤ ማንም አይቶ «ኧረ አይደለም» ሊለን ይችላል። እኛ ጋ ችግሩ ሁለቱን አቀላቅለን መያዛችን ነው። አንዱ ስልኩን አውጥቶ የአባቱን ፎቶ ያሳያል፤ የሚያየው ሰው ደፍሮ «ፊታቸው እኮ አይታይም» ቢል «አንተ ምን ታውቃለህ፣ እዚያ አልነበርክም» ይባላል። በቃ፣ ወሬው እዚያ ላይ ይዘጋል።

እኔ ግን እላለሁ፦ እዚያ ያልነበረው ሰው ነው ፎቶውን በትክክል እያየ ያለው። እዚያ የነበረው ሰው እያስታወሰ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልካችሁ ፎቶ ሲያነሳ ከአንድ ሰከንድ ትንሽ ቁራጭ ላይ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ በአራት ማዕዘን ውስጥ የገባውን ብርሃን ይመዘግባል። ሽታ አይመዘግብም፤ ድምፅ አይመዘግብም፤ ከአምስት ደቂቃ በፊት የተሳቀበትን ቀልድም አይመዘግብም። እናንተ ግን እነዚህን ሁሉ ይዛችሁ ነው ወደ ፎቶው የምትመለሱት። ዓይናችሁ ጥቁር ጥላ ላይ ሲያርፍ አእምሯችሁ ፈገግታ ይሞላበታል። ፎቶው የትዝታው ሳጥን ሳይሆን ቁልፍ ነው፤ ሳጥኑ ያለው እናንተ ጋ ነው። ቁልፉን ለሌላ ሰው ስትሰጡት ምንም አይከፍትለትም።

አንድ ምሳሌ በዝርዝር እንየው። አንዲት የማውቃት ልጅ የአያቷን ፎቶ ለዓመታት የስልኳ መክፈቻ ላይ አድርጋው ነበር። በዓል ነው፤ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፤ አያት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቡና እየቀዱ ነው። ልጅቷ ስታወራው ዕጣኑ ይሸታችኋል። ፎቶውን ብቻ ስታዩት ግን የሚታየው ይህ ነው፦ ከአያት ጀርባ ክፍት በር አለ፤ ከበሩ የቀን ብርሃን ይገባል። ስልኩ የበሩን ብርሃን ለክቶ ምስሉን በሙሉ አጨልሞታል፤ ስለዚህ ፊታቸው ጥላ ነው። ጥቁሩ ጀበና ከጥቁር ቀሚሳቸው ጋር ስለተደራረበ ጀበና መሆኑ አይለይም። የሚቀዳው እጅ በእንቅስቃሴ ደብዝዟል። ጥግ ላይ ደግሞ ቢጫ ጀሪካን አለ፤ በምስሉ ውስጥ ደማቅ ቀለም ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ ዓይን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እሱ ነው። ለማያውቃቸው ሰው ይህ በር ያለው የጀሪካን ፎቶ ነው።

«ታዲያ ምን ችግር አለው? ለራሷ ነው ያነሳችው» የሚል ይኖራል። ችግሩ የመጣው አያት ሲያርፉ ነው። ለሐዘኑ የሚሰፋ ፎቶ ተፈለገ፤ ቤተሰቡ «ያንን የቡናውን» አለ። ፎቶ ቤት ወሰዱት። ያው ሒሳቡ አልወጣም። ልጅቷ 3 ሜትር ያህል ርቃ ነበር ያነሳችው። በተለመደው 12 ሜጋፒክስል ስልክ፣ ማለትም 4000 በ3000 ፒክስል በሆነ ምስል፣ ከዚያ ርቀት የአንድ ሰው ፊት ስፋት 150 ፒክስል ገደማ ነው። ከፊትና ከትከሻ ጋር ሲቆረጥ 450 ቢሆን ነው። ያንን በኤፎር ወረቀት ስፋት ስታትሙት በአንድ ኢንች 55 ነጥብ ገደማ ይደርሳል፤ ለቅርብ እይታ የሚፈለገው ግን 300 አካባቢ ነው። የጨለመውን ፊት ሲያበሩት ደግሞ ቆዳው ነጠብጣብ ብቻ ሆነ። ባለፎቶ ቤቱ «ሌላ የላችሁም?» ብሎ ጠየቀ። የነበረው የመታወቂያው ጉርድ ፎቶ ነው። ለቀስተኛው ሁሉ ሳቂታዋን ሴትዮ ያለቀሰላቸው ቆጣ ብለው በተነሱት ጉርድ ፎቶ ፊት ነው።

ለዚህ ነው «ትዝታው ነው ዋናው» የሚለው አባባል የሚያናድደኝ። ትዝታው ዋና ከሆነ፣ ትዝታው ከእናንተ ጋር እንደሚሄድ አስቡ። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው የልጅ ልጅ የሚያገኘው አራት ማዕዘኑ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። ፊት ከሌለ ፊት የለም።

ግን ሌላኛው ወገንም አለ፤ እሱም ያናድዳል። ካሜራ ገዝቶ ሁለት ወር ያልሞላው፣ የሰው ፎቶ ባየ ቁጥር «ብርሃኑ ተበላሽቷል፣ አጥፊው» የሚል። ምን አገባህ? ፎቶው ደካማ ነው ማለት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሮላን ባርት እናቱ እ.ኤ.አ. በ1977 ከሞተች በኋላ ፎቶዎቿን ሲያገላብጥ፣ በ1898 የተነሳችውን፣ የአምስት ዓመት ልጅ ሆና በመስታወት በተሠራ የዕፅዋት ቤት ውስጥ የቆመችበትን ፎቶ አገኘ። እናቴን በእውነት ያገኘኋት እዚህ ነው አለ። በ1980 ስለ ፎቶ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ብዙ ፎቶዎች አሉ፤ ያቺ ግን የለችም። ሆን ብሎ ነው ያላስገባት። ምክንያቱንም ነግሮናል፦ ለእኔ ናት እንጂ ለእናንተ እንደ ማንኛውም አሮጌ ፎቶ አንድ ተራ ፎቶ ናት የሚል ነው። ይህ ነው ሐቀኝነት። ፎቶዋን አልጣላትም፤ ግን የሱን ፍቅር እኛ ፎቶው ውስጥ እንድናየው አላስገደደንም።

ታዲያ ሁለቱን እንዴት ለይቶ መመዘን ይቻላል? ውስብስብ አይደለም፤ ትንሽ ድፍረት ግን ይፈልጋል።

መጀመሪያ ወረቀት ላይ መስመር አስምሩና ለሁለት ክፈሉት። በአንድ በኩል ስለዚያ ቀን የምታውቁትን ሁሉ ጻፉ። በሌላ በኩል በጣታችሁ ፎቶው ላይ ነክታችሁ ልታሳዩ የምትችሉትን ብቻ ጻፉ። «አያቴ እየሳቀች ነው» ብላችሁ ከሆነ የሳቀውን አፍ በጣታችሁ አሳዩ። ካልቻላችሁ ወደ መጀመሪያው ዓምድ ይሻገራል። የልጅቷ ፎቶ በዚህ መንገድ ቢፈተሽ በግራ በኩል አንድ ገጽ ይሞላል፤ በቀኝ በኩል በር፣ ጀሪካን፣ የተቀመጠ ሰው ጥላ ይቀራል። ግራው ሲረዝምና ቀኙ ሲያጥር፣ የምትወዱት ደካማ ፎቶ ይዛችኋል ማለት ነው።

ቀጥሎ ሰዎቹን ለማያውቅ ሰው አሳዩት። ምንም ሳትናገሩ። «አያቴ ናት፣ በዓል ነበር» ካላችሁ ፈተናው ተበላሽቷል፤ ትዝታችሁን አበድራችሁታል። ለሦስት ሰከንድ አሳዩትና ስልኩን ገልብጡት፤ ከዚያ «ምን አየህ?» በሉት። «ያምራል?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሰው እኮ ይሉኝታ አለው፣ ያምራል ይላችኋል። «ጀሪካን» ካለ መልሱን አገኛችሁ።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። ጋሪ ዊኖግራንድ የሚባለው የኒው ዮርክ ፎቶ አንሺ ያነሳውን ፊልም ወዲያው አያጥብም ነበር፤ አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ያቆየው ነበር። ሲያነሳ የተሰማው ስሜት ለፎቶው ጥራት እንዳይመሰክርለት ፈርቶ ነው። እኛ በተነሳ በአሥር ሰከንድ ውስጥ ነው የምንፈርደው። ዓመት ባትጠብቁም አንድ ወር ጠብቁ። ከወር በኋላ የዚያን ቀን ሙቀት ትንሽ ይበርድና ጀሪካኑ ራሱ ይታያችኋል።

እዚህ ጋ አንድ የሚገባ ተቃውሞ አለ። «ሮበርት ካፓ በ1944 በኖርማንዲ ባሕር ዳርቻ ያነሳቸው ፎቶዎችም የደበዘዙ ናቸው፤ ታዲያ እነሱ ለምን ታላቅ ተባሉ?» እውነት ነው፣ ደብዝዘዋል። ግን በጣታችሁ ነክታችሁ ማሳየት ትችላላችሁ፦ ውኃ ውስጥ የተኛ ወታደር አለ፤ ወደ እኛ የዞረ ፊት አለ፤ ድብዘዛው ራሱ የውኃውንና የጥድፊያውን ነገር ይናገራል። እዚያ ቀን ያልነበረ ሰው ምን እየሆነ እንዳለ ይገባዋል። ስለዚህ ጥያቄው «ደብዝዟል ወይ?» አይደለም። ጉድለቱ ለሚያየው ሰው የሚናገረው ነገር አለው ወይስ ፊቱን ደብቆበታል? የቡናው ፎቶ ላይ የጨለመው የአያት ፊት ምንም አይነግረንም፤ ይከለክለናል እንጂ።

ከዚህ በኋላ ውሳኔው ቀላል ነው። ደካማውን የምትወዱትን ፎቶ አታጥፉት፤ ያዙት። ግን ለውድድር አትላኩት፤ የፎቶ ሥራችሁ ማሳያ ውስጥ አትክተቱት፤ ሌላ ሰው ካልወደደው አትቀየሙት። የግራውን ዓምድ ደግሞ አትጣሉት። ማን እንደሆኑ፣ የት እንደነበረ፣ መቼ እንደሆነ፣ ምን ተብሎ እንደተሳቀ ከፎቶው ጋር አብሮ ይቀመጥ። ፎቶው ያልያዘውን ጽሑፍ ይይዘዋል።

እና በፎቶው ላይ ያሉት ሰው በሕይወት ካሉ፣ ተመለሱ። አሁን ምን እንደጎደለ ታውቃላችሁ። በሩን ከጀርባቸው ሳይሆን ከፊታቸው አድርጉት፤ ረከቦቱን ትንሽ ማዞር ብቻ ነው። እናንተ ከበሩ ጎን ሁኑ፤ መሃል ቆማችሁ ብርሃኑን አትጋርዱባቸው። ከ3 ሜትር ወደ 1 ሜትር ተኩል ጠጋ በሉ፤ ፊታቸው በምስሉ ላይ እጥፍ ይሆናል። ስልኩ የራሱ የ2 እጥፍ ሌንስ ካለው ደግሞ እንደገና እጥፍ ይሆናል፤ ያኔ ለኤፎር የሚበቃ ፊት ታገኛላችሁ። ዝም ብላችሁ በጣም ተጠግታችሁ በሰፊው ሌንስ አታንሱ፤ አፍንጫ ያገዝፋል። ስክሪኑ ላይ ፊታቸውን ንኩ፣ ስልኩ ብርሃኑን በፊታቸው ይለካ። ጀሪካኑን አንሱት። ቀድተው ሲጨርሱና ቀና ሲሉ እጃቸው ያርፋል፤ ያኔ አንሱ። ለዘመድ በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ከላካችሁት መጠኑን ይቀንሰዋል።

አዲሱ ፎቶ የዚያን በዓል ትዝታ ላይሸከም ይችላል። ምናልባት የስልካችሁ መክፈቻ ላይ አሮጌውን ትተዉት ይሆናል፤ መብታችሁ ነው። ነገር ግን አያታችሁን የማያውቅ ሰው «ምን ዓይነት ሴት ነበሩ?» ሲል የምታሳዩት አንድ ፎቶ ይኖራችኋል፤ እናንተ ሳትናገሩ ፊታቸው ይመልስለታል።