በሥራ ሠንጠረዥ ውስጥ የውል ቀን ዓምድ ስለ ማስፈለጉ

በጎብዬና በቆቦ አካባቢ መጋዘን የሚያሠሩ ነጋዴዎች ከተቋራጮች የሚቀበሉት የሥራ ሠንጠረዥ ዛሬ ዛሬ በኤክሴል የተዘጋጀና በቀለም ያጌጠ ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሄንሪ ጋንት ከመቶ ዓመት በፊት እንዳስፋፋው ዓይነት፣ እያንዳንዱ ሥራ በቀናት ላይ እንደ መቀነት ተዘርግቶ ይታያል። ሆኖም ከብዙዎቹ አንድ ዓምድ ይጎድላል፤ እርሱም በውል የተስማሙበትን ቀን ሳይለውጥ የሚይዘው ነው። ይህ ዓምድ የሌለበትን ሠንጠረዥ ነጋዴው ሊፈርምበት አይገባም እላለሁ፤ ምክንያቱንም በምሳሌ አስረዳለሁ።

አንድ የማሽላ መጋዘን የካቲት 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ሰኞ ይጀመራል እንበል። ለመሠረት ቁፋሮ 6 ቀን፣ ለቤቶን ሙሌት 3 ቀን፣ ቤቶኑን ውኃ እያጠጡ ለማጠንከር 7 ቀን፣ ለግንብ 12 ቀን ተመድቧል፤ ከዚያ በኋላ ቆርቆሮው ይከተላል። ቤቶኑ በእሑድም ስለሚጠነክር የእርሱ ቀን እንዲሁ ይደመራል፤ ግንበኛው ግን እሑድንና በዓላትን ያርፋል። በዚህ ስሌት ሙሌቱ የካቲት 11 ያልቃል፤ ግንቡም የካቲት 19 ተጀምሮ መጋቢት 3 ይፈጸማል።

በሠንጠረዡ ውስጥ C የቀን ብዛት፣ D መጀመሪያ፣ E መጨረሻ፣ F ሥራው በእርግጥ የተፈጸመበት ቀን፣ G የውል ቀን ይሁኑ። ቤቶን ማጠንከሩ በ4ኛው ረድፍ፣ ግንቡ በ5ኛው ረድፍ ቢሆን፣ የግንቡ መጀመሪያና መጨረሻ እንዲህ ይጻፋል፤

```
D5: =WORKDAY.INTL(IF(F4<>"",F4,MAX(E4,TODAY())),1,11,በዓላት)
E5: =WORKDAY.INTL(D5-1,C5,11,በዓላት)
```

11 ማለት ዕረፍቱ እሑድ ብቻ ነው ማለት ነው፤ «በዓላት» የተባለውም በሌላ ገጽ ላይ ለተጻፉት የበዓል ቀኖች የተሰጠ ስም ነው። በእኛ አገር ክርስቲያኑም እስላሙም አብረው ስለሚሠሩ የሁለቱም በዓላት ይግቡ፤ የዒድ ቀን በጨረቃ ስለሚወሰን ዝርዝሩ መታረም ይኖርበታል። ቀዳሚው ሥራ ካለቀ ቀመሩ ያለቀበትን ቀን ይወስዳል፤ ሳያልቅ ቀኑ ካለፈ ግን ዛሬን ይወስድና ተከታዩን ሥራ በየዕለቱ ወደ ፊት ይገፋዋል።

እንግዲህ የሲሚንቶው መኪና ዘግይቶ ሙሌቱ በየካቲት 11 ፈንታ የካቲት 14 አለቀ እንበል። ማጠንከሩ እስከ የካቲት 21 ቅዳሜ ይዘልቃል። ማግሥቱ እሑድ ነው፤ ሰኞ የካቲት 23 ደግሞ የዐድዋ በዓል ነው፤ ስለዚህ ግንቡ የሚጀመረው የካቲት 24 ነው። የሦስት ቀን መዘግየት አምስት ቀን ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጎደለው ዓምድ እንመለስ። ሠንጠረዡ ራሱን በራሱ ስላሸጋሸገ የE ዓምድ መጋቢት 3ን ትቶ አዲስ ቀን ይዟል። መዘግየቱን ከE ጋር ብቻ የሚያስተያይ ሠንጠረዥ ግንቡ በደህና ቀን ላይ እንዳለ አድርጎ ያሳያል፤ ቀዩም ቀለም ይጠፋል። ሥራው ክረምት ቢገባበት እንኳ ባለመጋዘኑ የሚከራከርበት የተጻፈ ቀን አይኖረውም። ስለዚህ በውሉ ዕለት የE ቀኖች ተገልብጠው በ`Paste Special` በኩል `Values` ተብለው በG ዓምድ ይቀመጡ፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይንካቸው።

ቀለሙ በ`Conditional Formatting` ይታዘዛል። የመጀመሪያው ትእዛዝ ለቀይ፣ ሁለተኛው ለብጫ፣ ሦስተኛው ለቀናቱ መቀነት ነው፤

```
=AND($F2="",$G2<TODAY())
=AND($F2="",$E2>$G2)
=AND(H$1>=$D2,H$1<=$E2)
```

ቀይ የውል ቀኑ አልፎ ያልተፈጸመውን ያመለክታል። ብጫ ደግሞ ቀኑ ገና ሳለ፣ በቀዳሚው ምክንያት መዘግየቱ የማይቀረውን ያሳያል። ለነጋዴው የሚጠቅመው ይህ ብጫው ነው፤ ቆርቆሮ አቅራቢውንና የጭነት መኪናውን አስቀድሞ ለማስጠንቀቅ ጊዜ ይሰጠዋልና። ነገር ግን ቀለሙ የጥፋተኛውን ስም አይናገርም። ግንበኛው በሲሚንቶ መዘግየት ተገፍቶ የውል ቀኑ ሲያልፍበት እርሱም ቀይ ይሆናል፤ በዚህ ቀለም ብቻ ደመወዙን የሚቆርጡበት ሰዎች አሉ፤ ይህ ግፍ ነው። ከመቁረጥ በፊት የቀዳሚውን ሥራ F ከG ጋር ማስተያየት ተገቢ ነው።

ሁለት ስሕተቶች ብዙ ጊዜ ይደርሳሉ። ኤክሴል ቀኑን የሚቆጥረው በፈረንጆች አቆጣጠር ስለ ሆነ የካቲት 2 ቀን 2018 ዓ.ም. የሚገባው ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2026 ተብሎ ነው። 2018 ተብሎ ከገባ ማሽኑ ስምንት ዓመት ያለፈበት አድርጎ ያየዋል፤ ገና ያልተጀመረው የመጀመሪያው ሥራ ከወዲሁ ቀይ ሆኖ ሲታይ ምክንያቱ ይኸው ነው። ሁለተኛው፣ የተቋራጩ ጸሐፊ በችኮላ በD ዓምድ ቀመሩን አጥፍቶ ቀን በእጁ ሲጽፍ ነው። ያን ጊዜ ሰንሰለቱ ከዚያ ረድፍ ላይ ይበጠሳል። ይህን ለመፈተን የመጀመሪያውን ሥራ የቀን ብዛት በ10 ጨምሮ ማየት ነው፤ ከታች ያለ ረድፍ ሳይነቃነቅ ከቀረ ቀኑ በእጅ የተጻፈ ነው፤ ሠንጠረዡም ታርሞ እንዲመጣ ለተቋራጩ ይመለስለት።