የመምህሩ ዓምድ፦ ናይሮቢ ሙዚየም ውስጥ አምስት ነገር ብቻ

ልጆቻችሁ ስለ ናይሮቢ ጉዞ ሲያወሩ ሰምታችሁ ይሆናል። እውነት ነው። ከ7ኛና ከ8ኛ ክፍል 24 ተማሪዎች የመንቀሳቀሻ ፈቃድ አግኝተው የናይሮቢ ብሔራዊ ሙዚየምን ሊጎበኙ ነው። የቀሩት 31 ፈቃድ አልደረሳቸውም፤ ስለነሱ በኋላ እመለስበታለሁ። «ያን ሁሉ መንገድ ሄደው ምን ሊሠሩ ነው?» ያላችሁኝ ወላጆች ስላላችሁ ዕቅዱን ላጫውታችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲሁ ልጆች ይዤ ሄጄ ነበር። ሁሉንም ላሳያቸው ብዬ ከአዳራሽ አዳራሽ ሳሯሩጣቸው ዋልኩ። እኔ እለፈልፋለሁ፣ እነሱ የመግለጫውን ጽሑፍ ደብተራቸው ላይ ይገለብጣሉ። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ «ምን አያችሁ?» ብላቸው «ብዙ ነገር» አሉኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። ጥፋቱ የኔ ነበር።

ስለዚህ አሁን አምስት ነገር ብቻ መርጫለሁ። እያንዳንዱ ፊት 12 ደቂቃ ያህል መሬት ላይ ቁጭ እንላለን። መሄጃ መምጫው ሲጨመር አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ ከዚያ ካለፈ የልጅ እግሩም ጆሮውም ይደክማል። ልጆቹ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሆነው በሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ቡድን ከአጥንቱ፣ ሌላው ከዝሆኑ ይጀምራል፤ እንዲህ ከሆነ አንድ ቦታ ላይ አይጋፉም። ሙዚየም ዕቃ ለጥገና ስለሚያነሳ፣ ናይሮቢ ያለ አንድ ጓደኛዬ ከሳምንቱ በፊት ሄዶ አምስቱም በቦታቸው መኖራቸውን ያይልኛል።

ትልቁ ሥራ ጥያቄው ነው። «ይህ አጥንት የስንት ዓመት ነው?» ብል አንዱ ልጅ ጽሑፉን አንብቦ ይመልስና ወሬው እዚያው ይሞታል። ስለዚህ መልሱ መግለጫው ላይ የተጻፈን ጥያቄ ሁሉ ሰርዤዋለሁ። «ምን ተሰማችሁ?» የሚለውንም ሰርዤዋለሁ፤ በጣም ሰፊ ስለሆነ ልጅ «ጥሩ ነው» ብሎ ይገላገልበታል። በመጀመሪያ «ምን ታያላችሁ?» እላለሁ፣ ቀጥሎ «ምን አይተህ ነው እንዲህ ያልከው?» እላለሁ፤ የየዕቃው ጥያቄ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጠይቄ በልቤ እስከ አምስት እቆጥራለሁ። እኛ አስተማሪዎች ዝምታ አንወድም፤ ጠይቀን ሳንጨርስ ራሳችን እንመልሳለን። ልጆቹ ዕቃውን ትተው የኔን ፊት ካዩ መልሱን እኔ ላይ እየፈለጉ ነው ማለት ነው፤ ያኔ ጥያቄው ተበላሽቷል፣ ሌላ እጠይቃለሁ።

የመጀመሪያው የቱርካና ልጅ የሚባለው አጽም ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. ከቱርካና ሐይቅ በስተምዕራብ፣ ናሪዮኮቶሜ በተባለ ወንዝ አጠገብ ተገኘ። እኛ በተጠለልንበት በዚሁ አውራጃ ማለት ነው። ያገኘው ካሞያ ኪሜዩ የተባለ ኬንያዊ ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲ ያልገባ ግን ዓይኑ የተሳለ ሰው ነበር። መጀመሪያ ያየው አንዲት ትንሽ የራስ ቅል ስባሪ ብቻ ነው። የቀረው አጽም ብዙ አፈር ከተቆፈረና ከተነፋ በኋላ ወጣ። ዕድሜው 1.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ሊቃውንት ቁመቱን አይተው በፊት 12 ዓመት ገደማ ይሆነዋል ብለው ነበር፤ በኋላ ጥርሱን ሲመረምሩ ዘጠኝ ዓመት እንኳ ላይሞላው ይችላል አሉ። እኔ ይህን አስቀድሜ አልናገርም። «ይህ ሰው ትልቅ ነው ልጅ? በምን አወቃችሁ?» እላለሁ። አንዱ ቁመቱን፣ አንዱ ጥርሱን ሲጠቁም ሊቃውንቱ የተከራከሩበትን ራሳቸው ይከራከሩበታል። ቀጥሎ «የእጁና የእግሩ ጣቶች አብዛኞቹ የሉም፤ የት የሄዱ ይመስላችኋል?» እላለሁ።

ሁለተኛው ግቢው ውስጥ የቆመው አሕመድ የተባለው ዝሆን ነው። በሞያሌ በኩል የመጣችሁ የማርሳቢትን ጫካ ታስታውሱታላችሁ፤ አሕመድ የዚያ ዝሆን ነው። ጥርሱ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው ስለነበር አዳኝ እንዳይገድለው ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ በ1970 በአዋጅ ጠባቂ አቆሙለት። በ1974 በዕድሜው ሞተ። ግቢው ውስጥ ያለው በቁመቱ ልክ ከፋይበርግላስ የተሠራ ምስሉ ነው። ጥያቄው «ለአንድ ዝሆን ብቻ ጠባቂ ሲቆም የሌሎቹ ዝሆኖች ነገር እንዴት ይሆናል?» የሚል ነው።

ሦስተኛው ጆይ አዳምሰን የኬንያን ሕዝቦች ከነጌጣቸው ከሳለቻቸው ሥዕሎች አንዱ ነው። ሴትዮዋ ኦስትሪያዊት ስትሆን ከ1949 ጀምሮ ለቅኝ ገዥው መንግሥት ነው የሳለችው። ልጆቻችን ካሜራ ይዞ የሚመጣ እንግዳን ያውቁታል፤ «ቁም፣ ወደዚህ ተመልከት» ሲባሉ አድገዋል። ስለዚህ «ሠዓሊዋ ይህን ሰው እንዴት ቁም ያለችው ይመስላችኋል? እሱስ ራሱን ቢስል ምን ይጨምር፣ ምን ያስቀር ነበር?» እላለሁ።

አራተኛው ኪፓንዴ ነው፤ ብዙ ያሰብኩት እሱ ላይ ነው። በእንግሊዝ ዘመን 16 ዓመት የሞላው አፍሪካዊ ወንድ ሁሉ እንዲመዘገብ በ1915 ሕግ ወጣ፤ ከ1919 በኋላ በሥራ ላይ ዋለ። ወረቀቱ ላይ ስም፣ የጣት አሻራ፣ የት እንደሚሠራና ደመወዙ ይጻፋል። ወረቀቱ ትንሽ የብረት ሳጥን ውስጥ ተደርጎ በክር አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ያለሱ የተገኘ ይቀጣል። ቀጣሪው ካልፈረመለት ሠራተኛው ሥራ ለቆ ሌላ ጋ መቀጠር ይቸግረዋል። ጥያቄዎቼ ሁለት ናቸው፦ «ይህ ሳጥን ስለ ሰውየው ምን ይናገራል፣ ምንስ አይናገርም?» እና «ለማን ይጠቅም ነበር?»

እዚህ ላይ እኔ የራሽን ካርድና የመንቀሳቀሻ ፈቃድ የሚሉትን ቃላት አላነሳም። ልጅ ራሱ ካነሳ ግን አላስቆመውም። በዚያን ቀን ፈቃዱ ኪሱ ውስጥ ነው፤ አያነሳውም ብዬ አላስብም። «ያ ለመቆጣጠር ነው፣ የኛ ግን እህል ያሰጣል» የሚልም ይኖራል፤ «ሁለቱም ነው» የሚልም። ይከራከሩ። ኬላ ላይ ክፉ ነገር ያየ ልጅ እንዳለ አውቃለሁ፤ መናገር ያልፈለገ አይጠየቅም። ኪፓንዴውን መጨረሻ ላይ ያላደረግሁትም ለዚሁ ነው፤ በዚያ ስሜት አውቶቡስ ላይ እንዲወጡ አልፈልግም።

የመጨረሻው ቅል ነው። ከተለያዩ የኬንያ ሕዝቦች የመጡ ቅሎች አሉ፤ በዶቃ የተሸለመ አለ፣ በጠፍር የተሰፋ አለ። «የተሰነጠቀን ቅል ከመጣል መስፋት ለምን ተፈለገ?» «ውስጡን ብናሸተው ምን ምን ይሸተን ነበር?» እናቶች፣ ከጉዞው በፊት የወተት ቅል በወይራ እንዴት እንደሚታጠን ለልጆቻችሁ ብትነግሯቸው ውለታ ነው።

ወደ 31ዱ ልመለስ። ካለፈው ጉዞ ያነሳኋቸውን አምስት ፎቶግራፎች ክፍል ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን፤ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ ባልደረባዬ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃቸዋል። በተጨማሪም እያንዳንዱ የቀረ ልጅ አንድ ጥያቄ በወረቀት ጽፎ ለሚሄድ ልጅ ያስይዛል፤ ሄዶ ያየው ተመልሶ ክፍል ፊት ይመልሳል። መልሱን ካላገኘ ምን እንዳየና ምን እንደገመተ ይናገራል። እስካሁን 19 ወረቀት ገብቷል። አንዷ የ7ኛ ክፍል ልጅ የጻፈችው እንዲህ ይላል፦ «አሕመድ ራሱ ጠባቂዎቹን ይወዳቸው ነበር ወይስ ይፈራቸው ነበር?» የቀሩት እስከ ዓርብ ድረስ ለኔ ወይም ለክፍል አለቆቹ ይሰጡ።