የኮሌስትሮል ቁጥር ከምርመራ ወደ ምርመራ ስለ ምን ይለያያል?

ደሙን ያስመረመረ ሰው ከላቦራቶሪ የተሰጠውን ወረቀት የሚያነበው እንደ ባንክ ደብተር ነው። በደብተሩ ላይ 236 ብር ተጽፎ ከሆነ፤ ባለቤቱ ካልጨመረበት ወይም ካላወጣበት በቀር በሚቀጥለው ወርም የሚያገኘው ያንኑ 236 ብር ነው። የኮሌስትሮል ቁጥር ግን እንዲህ ያለ ሒሳብ አይደለም። ስለዚህ በጥቂት ሳምንታት ልዩነት ሁለት ጊዜ ተመርምሮ ሁለት የተለያየ ቁጥር ያገኘ ሰው፤ ከላቦራቶሪዎቹ አንዱ ተሳስቷል ብሎ ይፈርዳል፤ ወይም ሁለተኛው ቁጥር ዝቅ ያለ እንደ ሆነ ድኛለሁ ብሎ ደስ ይለዋል። ሁለቱም ፍርድ ችኮላ አለበት።

ነገሩ በአንድ ምሳሌ ቢታይ ይቀላል። አንድ የ52 ዓመት ሹም አሉ እንበል። የደም ግፊት አለባቸው፤ አባታቸውም የሞቱት በልብ ሕመም ነው። ኅዳር 5 ቀን ደማቸው ሲመረመር ጠቅላላው ኮሌስትሮል 236፤ ኤል ዲ ኤል የተባለው 160፤ ኤች ዲ ኤል 44፤ ትራይግሊሰራይድ 160 ሆኖ ተገኘ። (ልኩ በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። በአውሮፓ ተመርምረው የሚመጡ ሰዎች 6.0 የሚል ቁጥር ይዘው ቢገኙ አይደንግጡ፤ እነዚያ አገሮች በሚሊሞል በሊትር ስለሚጽፉ ነው፤ 6.0 ማለት በእኛው አጻጻፍ 232 ያህል ነው።) ሐኪሙም ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመለሱና እንደ ገና እንይ፤ ቁጥሩ ይኸው ከሆነ በየቀኑ የሚዋጥ መድኃኒት እንጀምራለን አሏቸው።

ታኅሣሥ 18 ቀን ሹሙ ወደ ሌላ፤ ለቤታቸው ወደሚቀርብ ላቦራቶሪ ሄዱ። ጠቅላላው 182፤ ኤል ዲ ኤል 100፤ ኤች ዲ ኤል 36፤ ትራይግሊሰራይድ 230 ተባሉ። በቤት ደስታ ሆነ። ባለቤታቸው ይህ የጾሙ በረከት ነው አሉ፤ ሹሙም መድኃኒቱ ይቅርብኝ ለማለት ተዘጋጁ። እንግዲህ መጠየቅ ያለበት ነገር ይህ ነው፤ ከ236 ወደ 182 የወረደው ምንድን ነው? የሰውየው ሁናቴ ነው ወይስ ቁጥሩ ብቻ?

አስቀድመን የጤነኛን ሰው አካል እንመልከት። በደማችን ካለው ኮሌስትሮል የሚበዛውን የሚሠራው ጉበታችን ነው። ጉበትም በየቀኑ የሚሠራውና ከደም መልሶ የሚወስደው እኩል አይደለም፤ እንደ ምግቡ፤ እንደ እንቅልፉ፤ እንደ ክብደቱም ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል። ይህም ሆኖ በአንድ ሰው ዘንድ የሚወዛወዝበት አማካይ መካከለኛ ቦታ አለው። ብዙ ጊዜ የተመረመሩ ሰዎች ውጤት እንደሚያሳየው፤ ምንም ሳይታመሙ፤ አመጋገባቸውንም ሳይለውጡ፤ ጠቅላላው ኮሌስትሮላቸው ከአማካዩ ወደ ላይም ወደ ታችም ከመቶ 6 ያህል ይወዛወዛል። ትራይግሊሰራይድ ደግሞ እጅግ ይበልጥ ያመነታል፤ ከመቶ 20 ያህል መለዋወጡ የተለመደ ነው።

በዚህ ላይ የመሣሪያው ውዝዋዜ ይጨመራል። በመልካም ላቦራቶሪ ውስጥ ያው አንድ ደም ደጋግሞ ቢለካ እስከ ከመቶ 3 ድረስ መለያየቱ ይፈቀዳል። ሁለቱ ውዝዋዜዎች እንዲሁ አይደመሩም፤ አንዱ ወደ ላይ ሲገፋ ሌላው ወደ ታች ሊገፋ ይችላልና። ባለሙያዎች እያንዳንዱን በራሱ አባዝተው ይደምሩና የድምሩን ሥር ይወስዳሉ፤ 6 በ6 36 ነው፤ 3 በ3 9 ነው፤ ድምሩ 45፤ ሥሩም 6.7 ያህል ይሆናል። ይህ የአንድ ምርመራ ውዝዋዜ ነው። እኛ የምናነጻጽረው ግን ሁለት ምርመራዎችን ስለ ሆነና ሁለቱም የሚወዛወዙ ስለ ሆኑ፤ ልዩነቱ እውነተኛ ነው ለማለት ከመቶ 19 ያህል ማለፍ አለበት። ከዚያ በታች ያለውን ልዩነት አጋጣሚ ብቻውን ሊያመጣው ይችላል። 236 የነበረ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ 205 ቢባል ልዩነቱ ከመቶ 13 ነው፤ በዚህ ብቻ ተሻለው ማለት አይቻልም።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ምርመራው ዋጋ የለውም ማለት ነው ወይ ብሎ ያጉረመርማል። እንዲህ አይደለም። የሁለት ወይም የሦስት ምርመራ አማካይ ከአንዱ ይልቅ የጸና ስለ ሆነ፤ ሐኪሞች ዘለቄታ ያለውን መድኃኒት ከማዘዛቸው በፊት የሚደግሙት ስለዚሁ ነው።

የሹሙ ልዩነት ግን 54 ነው፤ ከ236 ሲታሰብ ከመቶ 23 ያህል ይሆናል። ይህ በአጋጣሚ ብቻ አይመጣም። እንግዲህ በመካከል የሆነ ነገር አለ ማለት ነው፤ ቀን መቁጠሪያውን መግለጥ ይገባል።

ኅዳር 15 ቀን የነቢያት ጾም ገባ፤ ሹሙም ሥጋ፤ ቅቤና ወተት አቆሙ። ኅዳር 28 ቀን የሳንባ ምች ያዛቸው። ትኩሳቱ የለቀቃቸው ታኅሣሥ 8 ቀን ነው። ሁለተኛው ደም የተቀዳው ከዚህ በኋላ በዐሥረኛው ቀን ነበር።

ብርቱ በሽታ ኮሌስትሮልን ዝቅ እንደሚያደርግ ከሐኪሞች በቀር የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። አካል በተሕዋስያን ሲወጋ ጉበት የዘወትር ሥራውን በከፊል ትቶ በሽታውን የሚከላከሉ ልዩ ልዩ ፕሮቲኖችን ወደ መሥራት ይዞራል። በዚያን ጊዜ ኤል ዲ ኤልም ኤች ዲ ኤልም ይወርዳሉ፤ ትራይግሊሰራይድ ግን ከደም የሚጠረግበት ፍጥነት ስለሚቀንስ ይወጣል። በሹሙ ወረቀት ላይ የታየው ይኸው ነው፤ 160 ወደ 100፤ 44 ወደ 36 ወረደ፤ 160 የነበረው ትራይግሊሰራይድ ደግሞ 230 ደረሰ። በልብ ድካም አደጋም እንዲሁ ይሆናል፤ የልብ ደም ሥር ተዘግቶበት ሐኪም ቤት የገባ ሰው ደሙ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓቶች ውስጥ ካልተቀዳ፤ ከዚያ በኋላ ኤል ዲ ኤሉ መውረድ ይጀምርና ለብዙ ሳምንት ከእውነተኛ ልኩ በታች ይቆያል። ኮሌስትሮሉ ከሁሉ ይልቅ የሚያሰጋው ሰው ጤነኛ መስሎ የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው።

የባለቤታቸው ቃልስ? እርሳቸውም ከእውነት አልራቁም። ቅቤን በዘይትና በጥራጥሬ የተካ ሰው ኤል ዲ ኤሉ በእርግጥ ይወርዳል፤ ይህ ስሕተት ሳይሆን እውነተኛ ለውጥ ነው። ነገር ግን ለውጡ የሚኖረው አመጋገቡ እስካለ ድረስ ነው፤ ከፋሲካና ከገና በኋላ ቅቤው ሲመለስ ቁጥሩም ይመለሳል። እንጀራና ዳቦ የበዛበት የጾም ምግብ ትራይግሊሰራይድን ከፍ፤ ኤች ዲ ኤልንም ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል፤ የታኅሣሡን ወረቀት ብቻ በማየት ከበሽታውና ከጾሙ የቱ ይበልጥ እንደ ሠራ መለየት አይቻልም። ሐኪሙ በዚያው ደም ውስጥ ሲ አር ፒ የተባለውን የብግነት ምልክት ቢያስለካ ኖሮ፤ በሽታው ከአካል ገና እንዳልወጣ ይታወቅ ነበር።

አሁን ወደ ላቦራቶሪው እንግባ። ዛሬ ኮሌስትሮል የሚለካው ኤንዛይም በሚባሉ ነገሮች ነው፤ እነርሱ ኮሌስትሮሉን ሲነኩት ቀለም ይወጣል፤ መሣሪያውም የቀለሙን ድምቀት ይለካል። መሣሪያው ልኩ አስቀድሞ በታወቀ ናሙና በየጊዜው ካልተስተካከለ፤ አንዱ ላቦራቶሪ ዘወትር ጥቂት ከፍ፤ ሌላው ዘወትር ጥቂት ዝቅ አድርጎ ያነባል። ሁለት የእህል ሚዛን በሁለት ገበያ እንደ ማለት ነው።

የኤል ዲ ኤል ነገር ደግሞ የተለየ ነው። በብዙ ላቦራቶሪ ኤል ዲ ኤል አይለካም፤ ይሰላል። በ1972 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ፍሪድዋልድና ባልደረቦቹ ያወጡት ስሌት፤ ከጠቅላላው ኮሌስትሮል ላይ ኤች ዲ ኤልን፤ ደግሞም የትራይግሊሰራይድን አንድ አምስተኛ መቀነስ ነው። በሹሙ ፊተኛ ወረቀት 236 ሲቀነስ 44 ሲቀነስ 32፤ 160 ይሆናል። በሁለተኛው 182 ሲቀነስ 36 ሲቀነስ 46፤ 100 ይሆናል። አንድ አምስተኛ የሚለው ግምት ስለ ሆነ፤ ትራይግሊሰራይድ እየወጣ በሄደ መጠን ስሌቱ ኤል ዲ ኤልን አሳንሶ መናገር ይጀምራል፤ ከ400 በላይ ሲሆን ጭራሹን አይሠራም። ሌላው ላቦራቶሪ በቀጥታ የሚለካበት ዘዴ ካለው፤ ከአንድ ክንድ የተቀዳ ደም በሁለቱ ቤት ሁለት ኤል ዲ ኤል ሊሰጥ ይችላል፤ ማንም ሳይሳሳት።

ደም አቀዳዱም የራሱ ድርሻ አለው። ቆሞ የነበረ ሰው ሲተኛ ውሃ ወደ ደም ሥሩ ስለሚመለስ ደሙ ይቀጥናል፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ ጠቅላላው ኮሌስትሮል ከመቶ 10 ያህል ሊወርድ ይችላል። ክንድ የሚታሰርበት ላስቲክም ከሁለት ደቂቃ በላይ ከቆየ ውሃው ስለሚወጣ ቁጥሩን ጥቂት ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ተመርማሪው አምስት ደቂቃ ያህል ተቀምጦ ቢቆይና ላስቲኩ ፈጥኖ ቢፈታ ይመረጣል።

የእኛ ሹም ሐኪም የታኅሣሡን ወረቀት አልጣሉትም፤ ግን አልፈረዱበትም። ከበሽታው ሁለት ወር፤ ከጾሙም ስድስት ሳምንት ሲያልፍ፤ በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም ገና አልገባም ነበርና፤ የካቲት 12 ቀን በፊተኛው ላቦራቶሪ ደግመው አስመረመሯቸው። ጠቅላላው 228፤ ኤች ዲ ኤል 43፤ ትራይግሊሰራይድ 150፤ ኤል ዲ ኤል 155 ሆነ። በኅዳሩና በየካቲቱ መካከል ያለው የጠቅላላው ልዩነት ከመቶ 3 ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ አንድ ቃል ይናገራሉ። የኤል ዲ ኤሉ አማካይ ከ157 ጥቂት ይበልጣል።

መድኃኒቱም ተጀመረ። ስታቲን የተባለው መድኃኒት በመካከለኛ መጠን ኤል ዲ ኤልን ከመቶ 30 ወይም ከዚያ በላይ ስለሚያወርድ፤ በ157 የነበረው ወደ 110 ወይም ከዚያ በታች መድረስ አለበት። በኤል ዲ ኤል ላይ አጋጣሚ ሊያመጣው የሚችለው ልዩነት ከመቶ 25 ያህል ስለ ሆነ፤ ይህ መውረድ ከአጋጣሚ ያልፋል። ሐኪሙ ለማየት የቀጠሩት ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ በዚያው ላቦራቶሪ፤ በዚያው ማለዳ ሰዓት፤ ሹሙም በመካከሉ ብርቱ ሕመም ካገኛቸው ቀጠሮውን እንዲያስተላልፉ ነግረዋቸዋል።