ክኩ ሳይፈርስ፣ ሆድም ሳይነፋ

ባለፈው ዐቢይ ጾም ለአያታችን ሙት ዓመት ከኮምቦልቻ ወደ ኩታበር ስንወጣ የክክ አልጫው ኃላፊነት የእኔ ነበር። ቤቴ የነበረውን ሁለት ኪሎ የአተር ክክ በፌስታል ቋጥሬ፣ ሐረጎን ወጥቼ፣ ደሴን አልፌ አክስቴ ጓዳ ደረስኩ። ኮምቦልቻ ሳለሁ ክክ አርባ፣ ቢበዛ ሃምሳ ደቂቃ ይበቃዋል። ያን ቀን ግን አንድ ሰዓት ተኩል ተንተክትኮም ፍሬው መሐሉ ላይ ጥሬ ነው። እንግዳ ሊገባ ሲል ጨነቀኝና አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ጨመርኩበት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ድስቱን ስከፍት ያገኘሁት ክክ ሳይሆን ሳሙና ሳሙና የሚል ቢጫ ገንፎ ነበር።

ወሎ ውስጥ ይህ ቀላል ጥፋት አይደለም። ለቅሶውንም ሙት ዓመቱንም ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎረቤት አብሮ ነው የሚቀመጠው። ሥጋ ከሆነ አራጁ ይለያል፣ ድስቱም ይለያል፤ ክክና ምስር ግን የሁሉም ነው። በዚያ ላይ ከእንግዶቹ መካከል አማቴ ነበሩ። «ክክ ይነፋኛል» ብለው ከተዉት ሁለት ዓመት አልፏቸዋል፤ ምስርም እየቀነሱ መጥተው በጾም ገበታቸው ላይ የቀረው ጎመንና ድንች ብቻ ነው። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል በማይበላበት ሁለት ወር ገደማ፣ ለአንድ የሰባ ዓመት ሰው ጥራጥሬ ከቀረ ገንቢ ምግብ ከየት ይገኛል? ያን ቀን አንድ ማንኪያ እንዲቀምሱልኝ አስቤ ነበር። ገንፎዬን አይተው በትሕትና «ጠግቤያለሁ» አሉኝ።

አክስቴ «አብሽሪ» አለችኝ። «እጅሽ አይደለም የበደለሽ፣ ክክሽ ነው።» እኔ ደግሞ ጥፋቱን በደጋው ላይ ላሳብብ ነበር። ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ውኃ ቀዝቀዝ እያለ ነው የሚፈላው። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ኮምቦልቻ ውኃ 94 ዲግሪ አካባቢ ሲፈላ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደሴና እንደ እሷው ደጋ በሆነችው ኩታበር 92 አካባቢ ላይ ይፈላል። እሳት ብንጨምር ውኃው በፍጥነት ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ስለዚህ ቆላ የለመደ ሰው ደጋ ላይ ሲያበስል አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ይጨምር። ሆኖም ይህ ብቻውን የእኔን አንድ ሰዓት ተኩል አይመልስም።

በማግስቱ አክስቴ ሁለት ድስት ጣደች። በአንደኛው አንድ ኩባያ የእኔን ክክ፣ በሌላው አንድ ኩባያ የራሷን፣ በዚያው ዓመት የታጨደውን። ሁለቱም እኩል ተዘፍዝፈዋል፤ ውኃውም እሳቱም አንድ ነው። የእሷ ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ በጣት ሲጫኑት ተጨፈለቀ። የእኔ በዚያ ሰዓት ገና ሲጫኑት ለሁለት ይሰነጠቃል፤ መሐሉም ነጭ ዱቄት ይመስላል። «ስንት ጊዜ አስቀመጥሽው?» አለችኝ። ከዓመት በላይ፣ ያውም በኮምቦልቻ ሙቀት፣ ከምድጃው በላይ ባለ መደርደሪያ ላይ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአተሩን ፍሬ ከውስጥ አጣብቆ የያዘው እንደ ሙጫ ያለ ነገር አለ። ሲበስል ይህ ሙጫ ቀስ እያለ ይላላል፤ ፍሬው ቅርጹን ሳይለቅ ይለሰልሳል። ጥራጥሬ ሙቀትና እርጥበት ባለበት ቦታ ረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ሙጫው ይደርቃል፣ ውኃም አያላላውም። እንደ ቲማቲምና ሎሚ ያለ ኮምጣጣ ነገርም ሙጫውን ያጠነክረዋል፤ ቲማቲም ቀድሞ የገባበት ምስር አልበስል የሚለው ለዚህ ነው። ሶዳ ደግሞ በተቃራኒው ሙጫውን በአንዴ ያሟሟዋል። በእኔ ድስት ውስጥ ውጩ ሲፈርስ መሐሉ ገና ጥሬ ነበር፤ ሁለቱንም ጥፋት በአንድ ወጥ አገኘሁ ማለት ነው። ስለዚህ ክክ ስትገዙ ሻጩን የዘንድሮ መሆኑን ጠይቁ፤ ቀለሙ የደበዘዘና የነቀዘ ዱቄት የበዛበትን ተዉት። ቤት ውስጥም ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። ያረጀ ክክ ካላችሁ አስፈጭታችሁ ለሽሮ አድርጉት እንጂ ለአልጫ አትድከሙበት።

አሁን ወደ አክስቴ አሠራር። ለአምስት ሰው ሁለት ኩባያ ክክ በሰፌድ ተለቅሞ፣ ውኃው እስኪጠራ አራት አምስት ጊዜ ይታጠባል። ከዚያ ለብ ባለ ውኃ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይዘፈዘፋል፤ ውኃው ይደፋና አንድ ጊዜ ይለቀለቃል። በስድስት ኩባያ አዲስ ውኃ ይጣዳል። መፍላት ሲጀምር የሚወጣውን አረፋ ግፈፉና እሳቱን ቀንሱ። ከዚህ በኋላ ድስቱ መንተክተክ ያለበት በቀስታ ነው፤ ሲንፈቀፈቅ ፍሬው እርስ በርሱ እየተጋጨ ይፈርሳል። አታማስሉት። እንዳይዝ ከፈራችሁ ድስቱን በሁለት ጆሮው ይዛችሁ ወዝወዝ አድርጉት። ውኃ ካነሰው የፈላ ውኃ ጨምሩ። ከሰላሳ አምስት ደቂቃ በኋላ አንድ ፍሬ አውጥታችሁ በሁለት ጣት ተጫኑት። ተሰንጥቆ መሐሉ ነጭ ከሆነ ገና ነው። እንደ በሰለ ድንች ያለ ሥር ሥር ተጨፍልቆ፣ ሳትጫኑት ደግሞ ግማሽ ክብ ቅርጹን ይዞ ከቆመ ደርሷል። አውርዳችሁ ክዳኑን ገጥማችሁ አሥር ደቂቃ ተዉት፤ ወደኋላ የቀረው ፍሬ በዚያው ሙቀት ይደርሳል።

በሌላ ድስት ቀይ ሽንኩርት በዘይት ሳይቀላ ይብሰል፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ ይከተላሉ። ክኩን ከነመቀቀያው ውኃ በቁሌቱ ላይ ገልብጡትና አሥራ አምስት ደቂቃ ይንተክተክ። እዚህ ላይ የአክስቴ ብልሃት ይመጣል። አንድ ጭልፋ ክክ ከድስቱ ጎን ላይ በማንኪያው ጀርባ ደፍጥጣ መልሳ ትቀላቅለዋለች። እኔ ለዓመታት አልጫ እንደ ክሬም የሚሆነው ክኩ ሁሉ ሲሟሟ ይመስለኝ ነበር። ሁሉም ከሟሟ ገንፎ ነው። ከአምስቱ አንዱ ሟሙቶ መረቁን ሲያወፍረው፣ የቀሩት አራቱ በዚያ ውስጥ ለስልሰው ሲቀመጡ ነው አልጫ የሚባለው። ጨውና የተሰነጠቀ ቃሪያ በመጨረሻ ይገባሉ። ስታወርዱት ከምትፈልጉት ትንሽ ቀጠን ይበል፤ ሲበርድ ይወፍራል። በማግስቱ ስታሞቁት ደግሞ የፈላ ውኃ ጠብ አድርጉበት እንጂ በጭልፋ አትውቀጡት።

ምስር ክክ ሌላ ጠባይ አለው። ልጣጩ የተገፈፈ፣ ፍሬውም ቀጭን ስለሆነ ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል። ብዙዎቻችን የምናበላሸው ለብቻው እስኪበቃው ቀቅለን፣ እንደገና በበርበሬው ቁሌት ላይ ግማሽ ሰዓት ስናቆየው ነው። ቁሌቱን ቀድማችሁ በደንብ አብስሉ፤ በርበሬው ጥሬ ጥሬ ማለቱን ሲተው የታጠበውን ምስር ጥሬውን ጨምሩና የፈላ ውኃ አፍስሱበት። ቲማቲም የምትወዱ ምስሩ ከለሰለሰ በኋላ ጨምሩ። ለረመዳን ሳምቡሳ ደግሞ ድፍን ምስር ይሻላል፤ ልጣጩ ቅርጹን ይይዝለታል። ጥርስ ላይ ትንሽ ሲቀረው አጥልሉና ሰፊ ትሪ ላይ በትኑት፤ ተከምሮ ከቀረ በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል።

የሆድ መንፋቱን ነገር ከአማቴ ጋር ቁጭ ብለን ተነጋገርንበት። «አንቱ፣ የሚነፋዎት ክክ ብቻ ነው ወይስ ሽሮም?» ስላቸው «ሽሮውም፣ ድንች ወጡም አንዳንዴ» አሉኝ። ድንች ሲሉ ነቃሁ። አተርና ምስር ውስጥ አንጀታችን ሊሰባብራቸው የማይችል የስኳር ዓይነቶች አሉ። ሳይፈጩ ትልቁ አንጀት ይደርሱና እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ይበሏቸዋል፤ ጋዙ የሚመጣው ከዚያ ነው። እነዚህ ስኳሮች በውኃ ስለሚሟሙ መዘፍዘፍና ውኃውን መድፋት ከፊሉን ያስወግዳል፤ ሁሉንም ግን አይደለም። ሆዱ በጣም የሚያስቸግረው ሰው ከዘፈዘፈ በኋላ አሥር ደቂቃ ቀቅሎ ያንንም ውኃ ደፍቶ በአዲስ የፈላ ውኃ ይቀጥል። ጥሬ ጥሬ የሚል ክክም ይነፋል፤ በደንብ ያልበሰለው ዱቄት ሳይፈጭ ስለሚያልፍ። አረፋውን መግፈፍ ወጡን ያጠራዋል፤ ጋዝ ግን አይቀንስም። ዝንጅብልና ጥቁር አዝሙድ ሆድ ያረጋጋሉ ይባላል፤ ለጣዕሙ እወዳቸዋለሁ፣ የመዘፍዘፍን ሥራ ግን አይሠሩም።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ሽንኩርቱን ነው። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ራሳቸው እንደዚሁ ሳይፈጭ የሚያልፍ፣ ጋዝ የሚፈጥር ነገር አላቸው። እኛ ደግሞ ለሁለት ኩባያ ክክ አራት ራስ ሽንኩርት እንከትፍና ክኩን እንከሰዋለን። አማቴን ድንች ወጡም የሚነፋቸው ለዚህ ይሆን ብዬ ጠረጠርኩ።

ስለዚህ ኮምቦልቻ ተመልሰን ለእሳቸው ብቻ ትንሽ ድስት ጣድኩ። ከአክስቴ የተሰጠኝን አዲስ ክክ ዘፍዝፌ፣ የመጀመሪያውን መቀቀያ ደፍቼ፣ ከአራቱ ራስ ሽንኩርት ግማሽ ብቻ አስገባሁ፤ ነጭ ሽንኩርቱን በዘይቱ ውስጥ እንዳለ ጠብሼ አወጣሁት። ጠረኑ በዘይቱ ይቀራል፤ የሚያስቸግረው ነገር ግን በዘይት ስለማይሟሟ አብሮት ይወጣል። መጀመሪያ ሁለት ማንኪያ ብቻ፣ ያውም በምሳ እንጂ በራት አይደለም። ከሁለት ቀን በኋላ ሦስት። ሆድ ለረጅም ጊዜ የተወውን ጥራጥሬ በአንዴ አይቀበልም፤ በጥቂቱ ከተሰጠው ግን በሳምንታት ይለምዳል። መንፋቱ ከክብደት መቀነስ፣ ከደም ወይም ከማያቋርጥ ሕመም ጋር ከሆነ ግን ጉዳዩ የወጥ አይደለምና ሐኪም ይየው።

ሆሳዕና ሊሆን ሲል የሁላችንንም አልጫ በአንድ ድስት ሠርቼ አቀረብኩ። አማቴ አንድ ጉርሻ ቀምሰው እጃቸውን ሰበሰቡ። «ሽንኩርቱን ረሳሽው አይደል?» አሉኝ። እውነትም አራት ራስ ነበር የገባው። «በሉ ነገ የእኔን ለብቻ ሥሪልኝ» አሉና ዞር ብለው ለልጅ ልጃቸው አጎረሱት።