የቲቸር ዩዘርኔም

እዚሁ ዓለም ባንክ የሚያስተምር አንድ ወጣት ባልደረባዬ ሰሞኑን ጉድ ሆነ። ተማሪዎቹ የሰርጉን ፎቶ ስቲከር አድርገው በክፍላቸው ግሩፕ ሲላላኩበት አየ። ፎቶውን የሰረቀው የለም፤ ቴሌግራም ፕሮፋይሉ ላይ ነው ያገኙት። ዩዘርኔሙ ደግሞ የሚደግፈው የእንግሊዝ ክለብ ስም ነው። ቅዳሜ ክለቡ ከተሸነፈ ሰኞ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚጠብቀው ገምቱት።

ስታፍ ውስጥ «የዘንድሮ ተማሪ ሥርዓት የለውም» ተባለ። እኔ ግን ልጆቹን ከመውቀሳችን በፊት በሩን እንዝጋ ባይ ነኝ።

በሩ ስሙ ነው። ቴሌግራም ዩዘርኔም ላይ ፊደላችንን አይቀበልም፤ የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና አንደርስኮር ብቻ ነው። «መምህር» የሚለውን ቃል ብወደውም አንዱ memhir፣ ሌላው memher ብሎ ይጽፈውና ተማሪው የማያውቀው ሰው ጋ ይገባል። ስለዚህ ማዕረግ፣ ስም፣ ትምህርት፦ ለምሳሌ `TeacherAbebePhysics` ዓይነት። አንደርስኮር ባይኖር ይሻላል፤ ወረቀት ላይ ሊንኩ ሲሰመርበት አይታይም። የትምህርት ቤቱ ስምና የክፍል ደረጃም ይቅር፤ ነገ ይቀየራሉ።

ይሄ ስም ለብቻው አካውንት ይፈልጋል። ሁለተኛ ሲም አውጥቶ በዚያው አፕ ላይ መክፈት ይቻላል። የድሮው ለቤተሰብና ለጓደኛ ይቀራል፤ ዩዘርኔም አያስፈልገውም። ሴቲንግ ውስጥ ስልክ ቁጥሩን ማንም እንዳያይ፣ በቁጥሩ ፈልጎ የሚያገኘውም ሆነ ፎቶውን የሚያየው እሱ ራሱ የመዘገበው ሰው ብቻ እንዲሆን ማድረግ ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። የተተወ ዩዘርኔም ለማንም ክፍት ስለሚሆን ነቄ የሆነ ተማሪ ይይዘውና በቲቸሩ ስም ይጽፋል። ባልደረባዬ የድሮውን ስም እንደለቀቀ ወዲያው ባዶ ቻናል ከፍቶ ለቻናሉ ሰጠው። ስሙ አሁንም በእጁ ነው።

«መምህርም እኮ ዜጋ ነው፣ ለምን ይደበቃል?» የሚሉኝ አሉ። ማን ተደበቅ አለው? በግል አካውንቱ ስለ ክለቡም ስለ ፖለቲካውም ያውራ። የልጇን የቤት ሥራ ልትጠይቅ የገባች እናት ግን የእሱ ክርክር ውስጥ መግባት የለባትም። እሷን «እርስዎ» ይላል፤ የልጇን ውጤት ለእሷ ብቻ ይነግራል እንጂ ግሩፕ ላይ አይለጥፍም። ተማሪ ማታ አራት ሰዓት በውስጥ ጥያቄ ቢልክ መልሱ ጠዋት ግሩፑ ላይ ነው፤ ሌላውም ይማርበታል።

ይሄ ሁሉ ስክሪንሾት አያስቆምም። በግል አካውንቱ የገባበት የሰፈር ግሩፕ ውስጥ ተማሪ ካለ የሚጽፈውን ያነባል። ለማስመሰሉ ግን አንድ ቀላል ነገር አለ፦ መስከረም ላይ ኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ «የእኔ አካውንት ይሄ ብቻ ነው» ብሎ ስሙን በእጁ ጽፎ ወላጅ እንዲፈርምበት መላክ።